በኤዲት የሚጠገን ስልክ

ባለፈው ወር አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ባለቤት ደውሎ ለቲክቶክ የሚሆን የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ፍሪላንሰር ሥራ አይመርጥም፤ ሄድኩ። የሚፈልገውን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። ስልክ ከእጅ ይወድቃል፣ ስክሪኑ ይረግፋል፣ ሴትየዋ ትጮኻለች፣ ልጁ ስልኩን ይቀበላታል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ ስልኩ አዲስ ሆኖ ይወጣል። መጨረሻ ላይ «ምርመራ በነፃ! ዋጋችን ከ… ጀምሮ!» የሚል ጽሑፍ።

እስኪ ይህን ዓይነት ቪዲዮ ያላየ እጁን ያውጣ። ሁላችንም በቀን ሦስቴ እናየዋለን። እኔ ግን ማስታወቂያ ሳይሆን ማጭበርበር ነው እላለሁ፤ የማጭበርበሩም ቦታ መሀል ላይ ያለው ቆረጣ ነው።

ማስታወቂያው ሦስት ነገር አለው፦ ችግር፣ ማሳያ፣ ቅናሽ ወይም ዋጋ። ችግሩን ሁሉም ያውቀዋል። ዋጋውን ማንም ሊናገር ይችላል። ሱቁን ከጎረቤቱ ሱቅ የሚለየው ማሳያው ብቻ ነው። ታዲያ ስክሪን መቀየር በ15 ሰከንድ ውስጥ ሳይቆረጥ ሊታይ አይችልም። ስልኩ ይሞቃል፣ ሙጫው ይላቀቃል፣ ገመዶቹ ይነቀላሉ፣ አዲሱ ይገጠማል፤ ፈጣን እጅ ያለው ባለሙያም ቢሆን ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ቪዲዮው መቆረጥ ግድ ነው። ከተቆረጠ ደግሞ የተሰበረው ስልክና የዳነው ስልክ አንድ ስለመሆናቸው ተመልካቹ ምንም ማረጋገጫ የለውም። አንድ ዓይነት ከቨር ያላቸው ሁለት ስልኮች ናቸው ቢባል ማን ይከራከራል? የተገጠመው ስክሪን ኮፒ ይሁን ኦሪጅናልም አይታወቅም። የታየው የኤዲተሩ ችሎታ እንጂ የጠጋኙ አይደለም።

«ታዲያ ምን እናሳይ?» አለኝ ባለቤቱ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በ15 ሰከንድ የሚያልቅ ጥገና አሳይ አልኩት። እንዲህ ያለ ብልሽት አለ፤ ሁላችሁም አጋጥሟችኋል። ስልኩ ቻርጅ አያደርግም። ገመዱ ይሰካል ግን ጥልቅ ብሎ አይገባም፣ ጫፉ በመጠኑ ወጣ ብሎ ይቀራል፣ ስትለቁት ይወልቃል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኪስ ጥጥና አቧራ ነው። ገመዱን በሰካችሁ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተጠቀጠቀ ይደርቅና እንደ ቡሽ ይሆናል። መድኃኒቱ መጥረግ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ «ሶኬቱ ተቃጥሏል» ብሎ ሙሉ የቻርጅ ቦርድ አስከፈለኝ። አሮጌውን ስጠኝ ስለው ተጥሏል አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ ያው ችግር ሲደገም ሌላ ጠጋኝ ፊቴ ላይ ጥጡን አውጥቶ ሰጠኝና ስልኩ ሠራ። የመጀመሪያውም ጥጥ እንደነበር ማረጋገጥ አልችልም፤ ዋናው ችግርም ይኸው ነው፣ ማረጋገጫው አብሮ ተጥሏል።

ስለዚህ እንዲህ ጻፍኩለት።

ከ0 እስከ 6 ሰከንድ፣ ችግሩ። እጅ ገመዱን ሲገፋ በቅርበት ይታያል። ድምፅ፦ «ቻርጀሩን ይሰኩታል፤ አይገባም። ገመድ ቀየሩ፤ አሁንም እምቢ። ከዚያ ‹ሶኬቱ ተቃጥሏል› ተባሉ።»

ከ6 እስከ 21፣ ማሳያው፣ አንድም ቆረጣ የሌለው። ቻርጀሩና ገመዱ መሀል ትንሿ የዩኤስቢ መለኪያ ተሰክታለች። ድምፅ፦ «መለኪያውን ይዩ፤ ዜሮ አምፒር። ስልኩ ጠፍቷል። በቀጭን እንጨት እንጠርገዋለን። ይህ የኪስዎ ጥጥ ነው። መልሰን ስንሰካው፣ ቁጥሩ ተነሳ።»

ከ21 እስከ 30፣ ዋጋው። ድምፅ፦ «ጥጥ ብቻ ከሆነ 150 ብር፣ እዚሁ ፊትዎ። ሶኬቱ ከተበላሸ ሳንከፍት ዋጋውን እንነግርዎታለን፤ አሮጌውን ዕቃም ይወስዱታል። የይለፍ ቃል አንጠይቅም።»

ንግግሩ 60 ቃል አይሞላም። ከዚያ ከበዛ አንባቢው መሮጥ ይጀምራል፣ ሯጭ አንባቢ ደግሞ የሎተሪ አዟሪ ይመስላል። ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይም ቃሉ በጽሑፍ ከሥር ይሄዳል።

መለኪያዋ ናት ቁም ነገሩ። ስክሪን ላይ የሚታይ የባትሪ ምልክት በኤዲት ሊለጠፍ ይችላል። ስልኩ፣ እንጨቱ፣ ጥጡና ቁጥሩ ግን በአንድ ያልተቋረጠ ምስል ውስጥ ሲሆኑ ተመልካቹ ራሱ ይፈርዳል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ አሉ፦ ባትሪው 95 በመቶ የሞላ ስልክ ይዘው ይቀርፃሉ። ሊሞላ የተቃረበ ስልክ ጤነኛም ሆኖ የሚስበው ጥቂት ነው፤ መለኪያዋም ትንሽ ቁጥር ታሳይና ማሳያው ይከሽፋል። ባትሪው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። እንጨቱም ተራ የጥርስ መጎርጎሪያ አይሁን። ታይፕ ሲ ሶኬት መሀሉ ላይ ስስ ምላስ አለው፣ በሁለቱም ጎኑ ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። እንጨቱ በምላጭ ካልሳሳ ወይ አይገባም ወይ ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። መርፌ ደግሞ እግሮቹን ያጣምማል፣ ያገናኛልም።

ባለቤቱ አንብቦ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይህን ያየ ሰው ቤቱ ጠርጎ ይቀራል እንጂ ለምን ይመጣል?»

ክርክሩ ሞኝ አይደለም፤ የተወሰነ ሰው ይቀራል። ግን ቤቱ ጠርጎ ያልሠራለትስ የት ይሄዳል? ገመዱ ጥልቅ ብሎ ገብቶ ከተወዛወዘና ቻርጁ ብልጭ ድርግም ካለ ሶኬቱ አልቋል፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ከታየ ውኃ ነክቶታል። ሁለቱንም መጥረግ አያድናቸውም። ያ ሰው የሚሄደው 150 ብር የሚበቃውን ነገር ሺዎች ሊያስከፍለው ሲችል ያላስከፈለው ሱቅ ጋ ነው። «ምርመራ በነፃ» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ስልክህ ተከፍቶ፣ ብሎኑ ተበትኖ ሳለ ዋጋ ሲነገርህ እምቢ ማለት አትችልም። ነፃው ምርመራ ወጥመድ ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ «ሳንከፍት» የምትለዋን ቃል የጨመርኩትም ለዚሁ።

የይለፍ ቃሏንም ነገር ልጨምር። ቻርጅ መግባቱን ለማየት የተቆለፈ ስክሪን ይበቃል። ግን ስንቱ ሱቅ ነው ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ስልኩ ጀርባ ላይ የሚለጥፈው? ፎቶህ፣ ቴሌብርህ፣ የቤተሰብህ መልእክት በማስቲሽ ተለጥፎ መደርደሪያ ላይ ያድራል።

አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል ሕግ በአገራችን አለ፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይባላል። ግን የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ላይ የተደረገን ቆረጣ የሚከስ ደንበኛ እስኪመጣ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ባለቤቱ የመጀመሪያውን ሐሳቡን በሌላ ሰው አስቀረፀ፤ ለእኔ የታክሲ ከፈለኝ። ቪዲዮው ሲለቀቅ አይቼዋለሁ፦ የወደቀው ስልክ የካሜራ ክፈፉ ላይ ጭረት አለው፣ የዳነው የለውም።

የእኔ ጽሑፍ እዚህ አለ። ጥገና ሱቅ ያላችሁ ውሰዱት፣ ዋጋውን በራሳችሁ ቀይሩት፣ ስሜን አትጥሩ። ከ6ኛው እስከ 21ኛው ሰከንድ ብቻ አትቁረጡት።