እየቆየ የሚዘገይ ድምፅ

በስልክዎ የቀረጹትን ረጅም ንግግር በኮምፒዩተር ሊያቀናብሩ ከፍተው ሲመለከቱት፣ መጀመሪያ ላይ ከንፈርና ድምፅ ተስማምተው ሳለ ወደ መጨረሻው ሥዕሉ ቀድሞ ድምፁ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ድምፁን እየቆረጡ መጎተት አይጀምሩ። በሽታው ያለው በሥዕሉ አቈጣጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ማለት በሰከንድ 30 ያህል ፎቶግራፍ በተከታታይ ማሳየት ነው፤ እያንዳንዱም ፍሬም ይባላል። አዳራሹ ጨለም ሲል ግን ስልኩ በቂ ብርሃን ለማግኘት እያንዳንዱን ፍሬም ረዘም ላለ ጊዜ ያነሣል፤ ስለዚህ 30 መሆን የሚገባው 29 ወይም 24 ይሆናል። ስልኩ ይህን አይደብቅም፤ እያንዳንዱ ፍሬም የሚታይበትን ጊዜ በፋይሉ ውስጥ ጽፎ ያኖራል። ቪዲዮው በስልኩ ላይ ሲታይ ልክ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። አንዳንድ የማቀናበሪያ ፕሮግራም ግን ያን ጽሑፍ ችላ ብሎ ፍሬሞቹን በሰከንድ 30 እያደረገ ይደረድራቸዋል።

በአኀዝ እንየው። የትምህርት ቤት የምረቃ በዓል ለ40 ደቂቃ ተቀረጸ እንበል። 72,000 ፍሬም ሊኖር ሲገባ 71,880 ብቻ ተገኘ። የጎደለው 120 ፍሬም 4 ሰከንድ ነው፤ እንግዲህ በመዝጊያው ላይ ጭብጨባው በዓይን ከታየ ከ4 ሰከንድ በኋላ ይሰማል። «ድምፁን 4 ሰከንድ አሳጥሬ ላስተካክለው» የሚል ብልኅ አይጠፋም። ነገር ግን ፍሬሞቹ የጎደሉት መጋረጃው በተዘጋበት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላልና፣ መጨረሻው ሲገጥም መካከሉ ይፋለሳል።

በሽታውን ለማረጋገጥ ፋይሉን `MediaInfo` በተባለው ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱ። `Frame rate mode` በሚለው ፊት ለፊት `Variable` ተጽፎ ያገኛሉ። ይህ ብቻ አያስደነግጥዎ፤ የብዙ ስልክ ፋይል እንዲሁ ነው። ከሥሩ ያሉትን ትንሹንና ትልቁን ቍጥር ያመዛዝኑ፤ እጅግ ከተራራቁ ጥርጣሬዎ ልክ ነው።

መድኃኒቱ ገና አንድም ቦታ ሳይቆርጡ ፋይሉን መለወጥ ነው። `HandBrake` የተባለውን፣ ይኸውም ነጻ የሆነውን፣ ከፍተው `Video` በሚለው ገጽ `Framerate (FPS)` ላይ 30 ይምረጡ፤ ከሥሩም `Constant Framerate` የሚለውን ያመልክቱ። `Same as source` እንዳለ አይተዉት። ፕሮግራሙ የተጻፈውን ጊዜ እያነበበ ፍሬም በጎደለበት የቀደመውን ይደግማል፣ በበዛበት ይቀንሳል። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ጥራቱም ጥቂት ይነካል፤ ስለዚህ ዋናውን ፋይል አያጥፉ። ቆርጠው ከጨረሱ በኋላ ቢለውጡት ግን የሥዕሉ ርዝመት ስለሚለወጥ የቆረጡበት ቦታ ሁሉ ይዛባል።

አዲሱን ፋይል አስገብተው መጀመሪያውን፣ መካከሉንና የመጨረሻውን ጭብጨባ ይመልከቱ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ድምፁን አንድ ጊዜ ማንሸራተት ይበቃል። ድምፁ በሌላ መቅረጫ የተቀዳ እንደ ሆነም የሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓት ጥቂት ስለሚለያይ ይህ መድኃኒት ያንን አያድንም።