የየትኛው ቀን ዶላር?
ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ

ክቡራን የቦርዱ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ የግል ድርጅቶችን መዝገብ በመዝጋት የምተዳደር የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ጉዳዬ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀበት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ከመጣ ወዲህ በየሌጀሩ ላይ የማየው ግራ መጋባት ነው። ከዚያ በፊት ተመኑ በሳንቲም ስለሚንፏቀቅ የቀን ስህተት ብዙም አይጎዳም ነበር። ማክሰኞ ለተከፈለው የሰኞን ተመን የጻፈ ሰው ማንንም አላስቀየመም። አሁን ግን ቀን ተሳስቶ መጻፍ ትርፍን ኪሳራ፣ ኪሳራን ትርፍ ያደርጋል።

አንድ ጉዳይ ላቅርብ። ስሌቱ እንዲቀል ተመኖቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። የፕላስቲክ ጫማ የሚያመርት አንድ ደንበኛዬ በሰኔ 2016 የ100,000 ዶላር ጥሬ ዕቃ አዘዘ፤ 25 ኪሎ የሚይዙ 4,000 ከረጢቶች። ሲያዝ 30,000 ዶላር ቅድሚያ ከፈለ፤ ዶላሩ ያኔ 57 ብር ስለነበር ከሂሳቡ የወጣው 1,710,000 ብር ነው። ዕቃውን ሐምሌ 25 ተረከበ፤ የዚያን ቀን መሸጫ 80 ብር ነበር። የቀረውን 70,000 ዶላር አቅራቢው በዱቤ ሰጥቶት መስከረም ላይ በ110 ብር ከፈለ።

የፋብሪካው ሂሳብ ሠራተኛ፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ዕቃው የገባበትን ቀን ተመን ይዛ 100,000ን በ80 አባዛችና 8,000,000 ብር ስቶክ መዘገበች። መዝገቡ ሚዛን ሲያጣባት ልዩነቱን 690,000 ብር «የምንዛሪ ትርፍ» ብላ ዘጋችው። ባለቤቱ ተደሰተ። ነገር ግን ያ ትርፍ ከየት መጣ? በ57 ብር ከፍሎ የጨረሰውን 30,000 ዶላር እንደገና በ80 ስለቆጠረችው ነው። ብሩ ሰኔ ላይ ከባንክ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ዶላር ወጣ ወረደ ለእሱ ምንም አልጨመረለትም። አቅራቢው ዘንድ ያለው መብቱ ዕቃ የመረከብ እንጂ ዶላር የመቀበል መብት አይደለም።

አይፍሪክ 22 የሚባለው ማብራሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ቅድሚያ ክፍያ በተከፈለበት ቀን ተመን ይቆያል፣ ቀሪው ዕቃው በተመዘገበበት ቀን ተመን ይገባል። ስለዚህ 1,710,000 እና 70,000 በ80 ማለትም 5,600,000 ተደምረው የስቶኩ ዋጋ 7,310,000 ብር ይሆናል። ትራንስፖርቱንና ቀረጡን ትተን፣ አንዱ ከረጢት 1,827 ብር ከ50 ሳንቲም ወጣ እንጂ 2,000 ብር አልወጣም። ጫማው በ2,000 ስሌት ዋጋ ቢወጣለት ገበያ ላይ የሚበላው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ስህተቱን ለመያዝ ደግሞ ብዙ ሰነድ ማገላበጥ አያስፈልግም። የስቶኩን ብር ለዶላሩ ማካፈል ይበቃል። 7,310,000 ለ100,000 ሲካፈል 73 ብር ከ10 ሳንቲም ይመጣል፤ ከ57 በላይ፣ ከ80 በታች። ውጤቱ ልክ 80 ከሆነ ቅድሚያ ክፍያው ዳግም ተመንዝሯል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን መለየት አለበት፦ አቅራቢው ትእዛዙን ሰርዞ 30,000 ዶላሩን ሊመልስ ቢስማማ ኖሮ ያ ሂሳብ የዶላር ተሰብሳቢ ይሆንና በየጊዜው ይመነዘር ነበር።

የዱቤው ነገር ሌላ ነው። 5,600,000 ብሎ የተመዘገበው ዕዳ መስከረም ላይ 7,700,000 ብር አስወጣ። 2,100,000 ብሩ የምንዛሪ ኪሳራ ነው፤ ቦታውም የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ነው። ባለቤቱ «ለዚሁ ዕቃ ያወጣሁት ብር ነውና ስቶኩ ላይ ጫኑልኝ» ብሎ ተከራከረኝ። ያዘንኩለት ቢሆንም እሺ አላልኩትም፤ ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ዕዳው ስለቆየ የመጣ ወጪ የዕቃው ዋጋ አካል አይሆንም።

እስካሁን ያልኩት በደረጃዎቹ ላይ በግልጽ ያለ ነገር ስለሆነ ቢያንስ መከራከሪያ አለኝ። የቸገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሐምሌ 25 ቀን 80 ብር ያልኩት የአንድ ባንክ መሸጫ ነው። የዚያው ባንክ መግዣ 78 ብር ከ40 ቢሆን አማካዩ 79 ብር ከ20 ነው፤ ሌላው ባንክ የራሱን ለጥፏል፤ የብሔራዊ ባንክ አመልካች ተመን ደግሞ አለ፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም ላይ ሌላ ቁጥር ተጽፏል። አንድ ኦዲተር «አማካዩን ያዝ» አለኝ፤ በዓመቱ የመጣው ሌላ ኦዲተር «መሸጫውን ለምን አልያዝክም» አለኝ። በመሸጫውና በአማካዩ መካከል ያለው 80 ሳንቲም በ70,000 ዶላር ላይ 56,000 ብር ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አይኤኤስ 21 ብዙ ተመን ሲኖር የሚያየው ዕዳው ወይም ተሰብሳቢው በዚያ ቀን ቢዘጋ የሚዘጋበትን ተመን ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ዶላር የሚገዛው ባንኩ በሚሸጥበት ዋጋ ነው፤ ስለዚህ መሸጫ። ላኪ ዶላሩን ለባንኩ ይሸጣል፤ ስለዚህ መግዣ። ባንኩ ደግሞ ድርጅቱ በተግባር የሚገበያይበት ባንክ ነው። የጉምሩኩ ተመን ለቀረጥ ስሌት ይሁን፣ ከአቅራቢው ዕዳ ጋር አይቀላቀል።

የወር አማካይ ተመንስ? ደረጃው ተመኑ ብዙ ካልተዋዠቀ ይፈቅዳል። ሐምሌ 2016ን ግን ተመልከቱ። ሃያ አንዱን ቀን በ57፣ ዘጠኙን ቀን በ80 ብንይዘው አማካዩ 64 ብር ገደማ ይመጣል። 64 ብር በዚያ ወር የትኛውም ባንክ ለአንድ ቀን እንኳ ያልለጠፈው ዋጋ ነው፤ ተመኑ በአንድ ጠዋት ዘሎት አልፏል። ሐምሌ 27 ቀን የ50,000 ዶላር ሽያጭ ያደረገ ላኪ በዚህ አማካይ ቢመዘግብ ከሽያጩ 800,000 ብር ያህል ወደ ምንዛሪ ትርፍ ይሸሻል። ጠቅላላ ትርፉ አይለወጥም፤ የሽያጭ መስመሩን አይቶ ብድር የሚወስነው ባንክ ግን የሚያየው ሌላ ድርጅት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የሁለት ገጽ ማብራሪያ ነው። ለዕዳ መሸጫ፣ ለተሰብሳቢ መግዣ፣ የመረጡትንም ባንክ ከዓመት ዓመት ሳይቀያይሩ በማስታወሻ መግለጽ ይበቃል ወይስ ሁላችንም ወደ ብሔራዊ ባንኩ አመልካች ተመን እንሂድ? የወር አማካይ መያዝ የሚከለከለው ተመኑ በስንት በመቶ ሲንቀሳቀስ ነው? ሰኔ 30 እሑድ ሲውልስ የቅዳሜው ተመን ይያዝ? በ2016 ሰኔ 30 እሑድ ነበር፤ ያኔ ተመኑ ስላልተንቀሳቀሰ ማንም አልጠየቀም።

ኦዲተሮቹም ያንኑ ገጽ ይዘው እንዲመጡ ለእነሱም ይላክልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሂሳብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ