መቶ ከመቶ ያመጣው የጎርፍ ሞዴል

«ሞዴላችን ያለፉትን ጎርፎች በሙሉ፣ አንድም ሳይስት ይዟቸዋል።» ይህን የሰማሁት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ይታዩ ነበር፤ አንዱ በልኬት የተመዘገበው የውሃ ከፍታ፣ ሌላው ሞዴሉ ያወጣው። ሁለቱ ከመደራረባቸው የተነሳ አንድ መስመር ይመስሉ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ከልቤ ተናደድኩ፤ ምክንያቱም ይህ ንግግር ስለ አምቡሊ ነው፣ አምቡሊ ደግሞ ሰው የሞተበት ወንዝ ነው።

ወንዙን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ150 ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። ከላይ ከተራራው ሲዘንብ ግን ውሃው በሰዓታት ውስጥ ደርሶ የሰፈሩን ቤቶች ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 በሌሊት መጥቶ ከ50 በላይ ሰዎችን ገደለ። በኖቬምበር 2019 የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ተባለ። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ጎርፎች በአንድ ሰው ዕድሜ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው፤ ሞዴሉ የሚማርባቸው ምሳሌዎች ጥቂት ናቸው።

ምሳሌው ጥቂት ሲሆን፣ ሞዴሉ ውስጥ የሚስተካከሉት ቁጥሮች ደግሞ ብዙ ሲሆኑ፣ ያለፈውን ሁሉ «መያዝ» ምንም ችሎታ አይጠይቅም። ባለሙያዎቹ ኦቨርፊቲንግ ይሉታል፤ ተማሪ ያለፈውን ዓመት ፈተና ከነመልሱ ሸምድዶ እንደሚገባው ማለት ነው። የተናገረው ሰው ይህን አያውቅም አልልም። ቢያውቅም ያንን ስላይድ ለሕዝብ ማሳየቱ ግን ይብስብኛል።

ነገሩን በወረቀትና በእርሳስ ማሳየት ይቻላል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ያስቀመጥኳቸው እንጂ ከአምቡሊ መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም። አምስት ጎርፎች አሉን እንበል። ላይኛው አገር የዘነበው 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 50 ሚሊሜትር ነው፤ ድልድዩ ሥር የተለካው የውሃ ከፍታ ደግሞ በቅደም ተከተል 30፣ 90፣ 100፣ 170 እና 180 ሴንቲሜትር። ቁጥሮቹ ዝናብ ሲጨምር ውሃውም እንደሚጨምር ይናገራሉ፤ ግን ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። መንቀጥቀጡ የሚጠበቅ ነው። አንድ የዝናብ መለኪያ ሸለቆውን ሁሉ አይወክልም፤ ከፍታውን በጨለማ ያነበበው ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ አንዱ ጎርፍ ደረቅ መሬት ላይ፣ ሌላው ቀድሞ የራሰ መሬት ላይ ወርዷል።

አሁን ሁለት ሞዴል እንሥራ። የመጀመሪያው ቀጥተኛ መስመር ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያልፋል፣ አንዱንም በትክክል አይነካም፤ ትልቁ ስህተቱ 18 ሴንቲሜትር ነው። ሁለተኛው እስከ አራተኛ ደረጃ የሚወጣ ቀመር ነው፤ አምስት የሚስተካከሉ ቁጥሮች አሉት፣ ስለዚህ አምስቱንም ነጥብ እየነካ ያልፋል። ስህተቱ ዜሮ ነው። ስላይድ ላይ ጭብጨባ የሚያመጣው ይህኛው ነው።

ከዚያ 60 ሚሊሜትር ዘነበ፤ ሁለቱም አይተውት የማያውቁት ዝናብ ነው። ቀጥተኛው መስመር 228 ሴንቲሜትር ይጠብቃል። ስህተት አልባው ቀመር ምን እንደሚል እነሆ፤ ማንም ማረጋገጥ ይችላል፦

```
5×180 − 10×170 + 10×100 − 5×90 + 30 = −220
```

ከዜሮ በታች 220 ሴንቲሜትር። ከሁሉ የከፋው ዝናብ በወረደበት ሌሊት ወንዙ ከደረቅም በታች ነው ይላል፤ የማስጠንቀቂያ ደወሉም አይደወልም። ሌላም አለ። የ40 ሚሊሜትሩን ከፍታ ያነበበው ሰው 170 ሳይሆን 160 ብሎ ጽፎ ቢሆን፣ በዚያች የ10 ሴንቲሜትር ልዩነት ብቻ የቀመሩ ትንበያ በአንድ ሜትር ሙሉ ይቀየራል። የቀጥተኛው መስመር የሚቀየረው በ5 ሴንቲሜትር ነው። ሞዴሉ የሸመደደው የወንዙን ጠባይ ሳይሆን የአንባቢውን ስህተት፣ የዚያን ቀኑን አጋጣሚ ነው፤ ያ አጋጣሚ ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም።

«ያላየውን ዝናብ ስለሰጠኸው ነው» የሚለኝ ይኖራል። ታዲያ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚፈለገው ለምንድነው? የታየውንማ መዝገቡ ላይ እናነበዋለን።

ሌላው መልሳቸው «መረጃውን ከፍለን 20 በመቶውን ለፈተና አስቀምጠናል» የሚል ነው። ይህን መልስ ነው በቀላሉ እንዳናልፈው የምፈልገው፤ ብዙ ሰው ሰምቶ ዝም የሚለው እዚህ ላይ ነውና። መረጃው በሰዓት በሰዓት የተመዘገበ ከሆነ፣ ሰዓቶቹም እንደ ካርታ ተበውዘው የተከፈሉ ከሆነ፣ የአንዱ ጎርፍ ስምንት ሰዓትና አሥር ሰዓት ለትምህርት ገብተው ዘጠኝ ሰዓቱ ለፈተና ይቀራል። ሞዴሉ በሁለቱ መካከል ያለውን ቁጥር ገምቶ ያልፋል። ይህ የጎርፍ ትንበያ አይደለም፤ ፈተናው ውስጥ መልሱ ተቀምጧል። መደበቅ ያለበት ጎርፉ በሙሉ ነው፤ ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው። በተለይም መደበቅ ያለበት ትልቁ ጎርፍ ነው።

በእኔ ቁጥሮች እንሞክረው። የ50 ሚሊሜትሩን ጎርፍ ደብቀን በቀሩት በአራቱ ብቻ እናስተምር። አራቱንም ነጥብ የሚነካው ቀመር ለ50 ሚሊሜትር 410 ሴንቲሜትር ይተነብያል፤ የተለካው 180 ነበር። ከሁለት ሜትር በላይ ስቷል። ቀጥተኛው መስመር 205 ይላል፤ የሳተው በ25 ሴንቲሜትር ነው። እንግዲህ ያ ስህተት አልባ የሚባለው ሞዴል አንድ ጎርፍ ሲቀነስበት ከተማውን በከንቱ ያስለቅቃል፣ ሲጨመርበት ደግሞ ሰውን እንደተኛ ይተዋል። ያን ቀን ስላይዱ ላይ መቅረብ የነበረበት ይህ ቁጥር ነው። የስብሰባው ተናጋሪ የ2004ቱን ጎርፍ ደብቆ ሞዴሉን ፈትኖት እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም።

ቀጥተኛ መስመር ይበቃናል እያልኩ አይደለም። ውሃው ዳርቻውን አልፎ ወደ ሰፈር ሲፈስ ከፍታው በመስመር መጨመሩን ይተዋል፤ አፋፉ ላይ ግንብ ወይም ቤት በተሠራ ቁጥርም የድሮ ልኬቶች ከዛሬው ወንዝ ጋር ይራራቃሉ። ይህ ከሽምደዳ የተለየ በሽታ ነው፤ ቀላል ሞዴልም አይድንበትም። ነገር ግን ቀላሉ ሞዴል ቢያንስ ስንት እንደሚስት ይነግረናል፤ ያንን ይዞ መሥራት ይቻላል። በተደበቁት ጎርፎች ላይ እስከ 25 ሴንቲሜትር የሚስት ከሆነ፣ ውሃው አደገኛ የሚሆነው 200 ላይ ከሆነ፣ ደወሉ ሞዴሉ 175 ባለ ጊዜ ይደወል። ምሳሌዎቹ ጥቂት ስለሆኑ እንዲያውም ከዚያ ቀደም ብሎ ይደወል።

ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድባት፣ ያም ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነበር። ሁለቱን ከተሞች ባቡሩ ያገናኛቸዋል፤ ሁለቱም የሚማሩበት የጎርፍ መዝገብ አጭር ነው። ለአምቡሊ ሞዴል ሠራሁ የሚል ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ሲመጣ የትኛውን ጎርፍ ደብቆ እንደፈተነውና በስንት ሴንቲሜትር እንደሳተ ይንገረን። ቁጥሩ ዜሮ ነው ካለን፣ ያ ሞዴል ደወሉ አጠገብ መድረስ የለበትም።