ከባልደረባ ጋር በቁራኛ ወደ አለቃ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። በእህል ንግድ ቤቶቻችን ግን ነገር ከሥሩ ሳይያዝ ይቀርና ሁለት ባልደረቦች ዓይንና ናጫ ሆነው ይከርማሉ። አንደኛው ወደ አለቃ ቢሄድ «አሳባቂ» ይባላል። ዝም ቢል ደግሞ ጉድለቱ በስሙ ይመዘገብበታል። ታዲያ መካከለኛ መንገድ የለም ወይ? አለ እንላለን። ነገሩን በምሳሌ እናሳይ።

ጎንደር ከተማ ውስጥ የብቅል ገብስ የሚያከማች አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ግዥ ሠራተኛው ዳባትና ደባርቅ ወጥቶ ከገበሬ ይገዛል፤ የመጋዘን ኃላፊው ከተማ ሆኖ ይረከባል። ጊዜው ኅዳር ነው። የወገራ ደጋ ጧት ጧት ጤዛ ያዘለ በመሆኑ ገብሱ እርጥበቱን እንደያዘ በጆንያ ታጭቆ ይጫናል። 300 ኩንታል ይገባል፤ የመጋዘን ኃላፊው 300 ብሎ ይፈርማል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እህሉ ተሰጥቶና ተገላብጦ ሲመዘን 290 ኩንታል ሆኖ ይገኛል። 10 ኩንታሉ የት ገባ?

ሌባ የለም። ገብሱ ሲገባ የነበረው እርጥበት ከመቶ 16 ከነበረ፣ በ300 ኩንታል ውስጥ የነበረው ደረቅ እህል 252 ኩንታል ብቻ ነው። እርጥበቱ ወደ 13 ሲወርድ ያው 252 ኩንታል ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 87 እጁ ይሆናል። 252 በ0.87 ሲካፈል 289.7 ይመጣል። ወደ 10 ኩንታል የሚጠጋው ውኃ ነበር፤ ተነነ። ነጋዴው ግን ውኃውን በገብስ ዋጋ ገዝቶታል፤ መዝገቡም ባለዕዳ የሚያደርገው የመጋዘን ኃላፊውን ነው።

ኃላፊው ለባልደረባው «እባክህ እርጥብ አትጫንብኝ» ብሎ ሁለት ጊዜ ነግሮታል። መልሱ «እሺ» ነው፤ የሚቀጥለው መኪና ግን እንደ ፊተኛው እርጥብ ነው። ክፋት ነውን? አይደለም። ግዥ ሠራተኛው የሚመሰገነው ባስገባው ኩንታል ብዛት ነው። «እርጥብ ነው» ብሎ ቢመልስ ወይም ዋጋ ቢቀንስ አጠገቡ የቆመው ሌላ ነጋዴ ይወስድበታል። ዋጋ የመቀነስ ሥልጣንም አልተሰጠውም። እንግዲህ የነገሩ ሥር ይኸው ነው፤ የእርጥበቱን ኪሣራ ገበሬው ይሸከም ወይስ ቤቱ የሚለውን መወሰን የሁለቱም ሥልጣን አይደለም፤ የሥራ አስኪያጁ ነው።

ወደ አለቃ ከመሄድ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄም ይህ ነው፤ «ባልደረባዬ ቢፈልግ እንኳ ይህንን ብቻውን ሊፈታው ይችላልን?» የሚችል ከሆነ ጉዳዩ ገና ከእሱ ጋር አላለቀም። የማይችል ከሆነ ግን ወደ ላይ መውጣት ክስ መሆኑ ይቀርና ውሳኔ መጠየቅ ይሆናል።

አወጣጡን ከአባቶቻችን መማር ይቻላል። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው አብረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ከሳሽ ቀድሞ ሄዶ ለብቻው የዳኛውን ጆሮ የሚያሞቅበት ዕድል አልነበረውም። ዛሬ ነጠላ መቋጠር ባያስፈልግም ልማዱ ለንግድ ቤት ይበጃል።

መጀመሪያ ቀን ይቆረጥ። «ወንድሜ፣ ነገሩ ከእኔም ከአንተም በላይ ሆኗል። ሐሙስ ለሥራ አስኪያጁ ላቀርበው ነው፤ አብረን እንግባ» ይበል። ይህ ማስፈራራት እንዳይመስል ከሐሙስ በፊት የሚሆን መፍትሔ ካለው ይጠየቅ።

ቀጥሎ ነገሩ በአንድ ገጽ ይጻፍ። መኪናው የገባበት ቀን፣ ሲገባ የተለካው እርጥበት፣ የገባውና የተገኘው ኩንታል፣ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ፤ «ከ13 በላይ እርጥበት ያለው ገብስ በምን ዋጋ ይገዛ?» የባልደረባው ስም የሚነሳው «ገዛ» በሚለው ቦታ ብቻ ነው። «ሁልጊዜ»፣ «ደጋግሜ ነግሬው» የሚሉ ቃላት ይውጡ። ወረቀቱን አስቀድሞ ባልደረባው ያንብበው፤ የራሱን ሐሳብም በእጁ ከግርጌው ይጨምርበት። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ የምናየው «ግልባጭ» ጥሩ ነገር ሆኖ ሳለ ሰው የሚያስቀይመው፣ ዋናው አለቃ ጋ ከደረሰ በኋላ ግልባጩ ስለሚመጣ ነው። ግልባጩ ይቅደም።

በሦስተኛ ደረጃ አብሮ መግባት ነው። ግዥ ሠራተኛው ደባርቅ ከሆነ በስልክ ይግባ። ንግግሩም «ጌታዬ፣ ሁለታችንም ልንወስነው ያልቻልነው ነገር ስላለ ነው የመጣነው» ብሎ ይጀምር። ከዚያ ገበያ ላይ ያለበትን ችግር ግዥ ሠራተኛው ራሱ ይናገር። አለቃው ከሁለቱም አፍ ሲሰማ የሚወስነው በሰው ላይ ሳይሆን በእህሉ ላይ ይሆናል፤ ለምሳሌ የእርጥበት መለኪያ ለገዥው ይገዛለት፣ በልኩም ዋጋ ይቀነስ፣ ያለፈው 10 ኩንታል ከኃላፊው ስም ይሰረዝ ይል ይሆናል። ውሳኔው በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይፈረምበት።

ነገር የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከቢሮ ውጭ ነው። ጎንደር ውስጥ አለቃና ሠራተኛ በማኅበር፣ በልቅሶ፣ በክርስትና ይገናኛሉ፤ አንዳንዴም ዘመድ ናቸው። ጠላ እየተቀዳ «የዘንድሮው ገብስ እንኳ…» ተብሎ የተጣለች አንዲት ቃል ሰኞ ዕለት ክስ ሆና ትነሳለች። አለቆችም ያጠፋሉ። ለብቻው ወሬ ይዞ የመጣን ሠራተኛ «እሱ ይህንን መንገርህን ያውቃል?» ብሎ የማይጠይቅ አለቃ አሳባቂን በራሱ እጅ ያሳድጋል።

ሁለት ጊዜ ግን ይህ ሥርዓት አይሠራም። አንደኛው ጉዳዩ ስርቆት የሆነ እንደሆነ ነው። የተጭበረበረ ሚዛን ወይም ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ደረሰኝ ከታየ ባልደረባን ማስጠንቀቅ ማስረጃ ማጥፋት ነው፤ ሰነዱን ይዞ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ መሄድ ይገባል። ሁለተኛው ጊዜ የማይሰጥ ነገር ነው። እጅ ወደ ክምሩ መሐል ሲገባ ጆንያው ከሞቀ፣ ሻጋታም ከሸተተ፣ ገብሱ የመብቀል ኃይሉን እያጣ ነው። ያልበቀለ ገብስ ደግሞ ብቅል አይሆንም። 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሦስተኛው ቀን ሲቆጠር የበቀለው ከ95 ካነሰ የብቅል ገዥ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ጆንያው በሞቀ ዕለት ሐሙስን መጠበቅ የለም፤ መጀመሪያ ክምሩ ይፈረስና ይሰጣ፣ በዚያው ሰዓት ለአለቃውም ለባልደረባውም ይደወል። ማን ቀድሞ ሰማ የሚለው ቅሬታ እንዳይነሳ ግን ቀድሞ የሚደወለው ለባልደረባው ይሁን።