ከመስኮቱ የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር

የመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነገር ይታዘባል። የአስም ታካሚ የማዘዣ ወረቀቷን ታቀብላለች፤ ባለሙያው ቤክሎሜታዞን የሚባለውን ፓፍ ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ብሎ ይጽፍና «ቀጣይ!» ይላል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ባለሙያውም ሲለፋ የዋለ ሰው ነው። ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትነገር ቀረች፦ «ከሳቡ በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ።» ይህች ዓረፍተ ነገር ስትቀር ምን እንደሚመጣ በአንዲት የሰፈራችን መምህርት ላይ አይቻለሁ።

መምህርቷ ፓፉን በታዘዘችው መሠረት ጠዋትና ማታ ትስባለች። ሳሉም፣ ሌሊት የሚያስቀምጣት የትንፋሽ ማጠሩም ቀነሰላት። በመሃሉ ጉንፋን ያዛትና ያለማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝታ ዋጠች። ብዙም ሳይቆይ ምላሷና የጉንጯ ውስጥ እንደ አይብ ፍርፋሪ ባለ ነጭ ነገር ተሸፈነ። ምግብ ጣዕም አጣባት፤ በርበሬ የነካው ወጥ አፏን ይለበልባት ጀመር፤ ድምፅዋም ሻከረ። በመፋቂያ ፈገፈገችው፤ ነጩ ሲነሳ ከሥሩ ቀይ፣ ደም የሚያዥ ሥጋ ብቅ አለ። ጎረቤት አይታ ለሌላ ጎረቤት አንሾካሾከች። አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ሲታይ በአገራችን ወዲያው የሚታሰበው ኤች አይ ቪ ነውና ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። መምህርቷም «ይሄ ፓፍ ነው የመረዘኝ» ብላ ወረወረችው። አስሙ ተመልሶ ሲመጣ ቤት ውስጥ የቀራት ሳልቡታሞል ብቻ ነበር። እሱ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ከማስፋት በቀር ቁጣውን ከሥሩ አያበርደውም። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት በሰው ድጋፍ ድንገተኛ ክፍል ገባች።

የአፏ ነገር የአፍ ፈንገስ ነበር። ካንዲዳ የሚባለው ይህ ፈንገስ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። እንዳይበዛ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አብረውት የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና የአፋችን የራሱ መከላከያ። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያዎቹን ገደለ። ፓፉ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ ደግሞ አፍና ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ የአካባቢውን መከላከያ ያዳክማል። ፓፍ በቀጥታ ወደ አፍ ሲነፋ ደግሞ አብዛኛው መድኃኒት ሳንባ ሳይደርስ ምላስና ጉሮሮ ላይ ነው የሚቀረው። መምህርቷ ላይ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ተገናኙ። አሞክሳሲሊኑ ለዚያ ጉንፋን ምንም አልጠቀማትም፤ ጉንፋን የቫይረስ ሕመም ነውና።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ያገኛት ጤና መኮንን አፏን በመብራት አየ፤ በእንጨት ገፋ አድርጎ ነጩ የሚነሳ መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ቀላል ምርመራ ትልቅ ነገር ይለያል፦ ተፍቆ የማይነሳ፣ ከሥጋው ጋር የተጣበቀ ነጭ ቦታ ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የግድ በሐኪም መታየት አለበት። ከዚያ «ቲቸር፣ ሲውጡ ደረትዎን ያምዎታል?» ብሎ ጠየቃት። መዋጥ የሚያሳምም ከሆነ ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አፍ ውስጥ የሚንጠባጠብ መድኃኒት አይበቃም፤ ፍሉኮናዞል ከ14 እስከ 21 ቀን መውሰድ ያስፈልጋል። እሷ ስትውጥ የሚያማት ነገር አልነበረም። የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራም አዘዘላት። ይህንን ማዘዙ ተገቢ ነው። በተለይ ያለ ግልጽ ምክንያት ለመጣ ወይም እየተመላለሰ ለሚያስቸግር የአፍ ፈንገስ ሁለቱም መታየት አለባቸው። ምርመራ ማዘዝ ግን ፍርድ መስጠት አይደለም፤ የእሷ ሁለቱም ነጻ ሆኑ። ሰፈሩ ያወራውን ወሬ ግን ማንም ተመልሶ አላስተካከለላትም፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የታዘዘላት ኒስታቲን ነበር፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100,000 ዩኒት ያለው ቢጫ ፈሳሽ። 4 ሚሊ ሊትር በቀን አራት ጊዜ። እዚህም ሁለት ክፍተቶች አሉ። አንዱ የአወሳሰዱ ነው። ኒስታቲን ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ለማለት ይቻላል፤ የሚሠራው ፈንገሱን ሲነካው ብቻ ነው። እንደ ሳል ሽሮፕ ጎርሶ ወዲያው የዋጠው ሰው መድኃኒቱን አባከነ። ጠርሙሱን ወዝውዞ፣ ግማሹን በአንዱ ጉንጭ ግማሹን በሌላው አድርጎ፣ የቻለውን ያህል አፍ ውስጥ ማመላለስና ከዚያ መዋጥ ነው። የሚወሰደው ከምግብ በኋላ ሲሆን ለግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አለመብላትና አለመጠጣት ይሻላል። ሌላው ክፍተት ሒሳብ ነው። በቀን 16 ሚሊ ሊትር ከሆነ 30 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ትንሿ ጠርሙስ ሁለት ቀን እንኳ አትሞላም። መምህርቷ አንድ ጠርሙስ ገዝታ ስትጨርስ ሕክምናው ያለቀ መስሏት ነበር፤ ነጩም ሳስቶ ነበርና። የሰባት ቀኑ 112 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት ጠርሙስ ነው። ነጩ ከጠፋም በኋላ ለሁለት ቀን መቀጠል አለበት፤ ቀድሞ ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ይመለስበታል። መጠኑን ሐኪሙ ከዚህ ያነሰ ሊያዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ ስንት ጠርሙስ እንደሚበቃ እዚያው መስኮቱ ላይ ማስላት ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ማታ አውልቆ ማጽዳት አለበት፤ አለበለዚያ ፈንገሱ እዚያ ተደብቆ ይቆያል።

ፓፏንም መልሳ ጀመረች፤ መቆም አልነበረበትምና። የተለወጠው አጠቃቀሙ ነው። ጤና መኮንኑ ስፔሰር አዘዘላት። ስፔሰር በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ አፍ ላይ የሚቀሩትን ትልልቅ ጠብታዎች በራሱ ግድግዳ ያስቀርና ረቂቁን ለሳንባ ያሳልፋል። በዱቄት መልክ ለሚሳቡት ኢንሄለሮች ግን ስፔሰር አይሆንም፤ ለእነሱ ያለው መከላከያ መጉመጥመጥ ነው። ጊዜውንም ከጥርስ መፋቂያዋ ጋር አገናኘችው፦ መጀመሪያ ፓፉን ትስባለች፣ ከዚያ ውኃ ጎርሳ ትጉመጠመጣለች፣ ቀና ብላ ጉሮሮዋ ድረስ ታደርሰዋለች፣ ትተፋዋለች፣ ከዚያ ጥርሷን ትቦርሻለች። ውኃውን መዋጥ አይገባም፤ ታጥቦ የወረደው መድኃኒት ሆድ ይገባልና። ፈንገሱ እስካሁን አልተመለሰባትም፤ ሌሊትም ተኝታ ታድራለች።

መስኮቱ ጀርባ ላላችሁ ባለሙያዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያንኑ እስክሪብቶ ይዛችሁ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ከሚለው ሥር «ተጉመጥምጠው ይትፉ» የሚሉ ሁለት ቃላት ጨምሩ። አንባቢም ፓፍ የሚስብ ዘመድ ካለው ካርቶኑን ይመልከት፤ ካልተጻፈበት ራሱ ይጻፍበት።