«ውላችን ፈርሷል» ከማለት በፊት

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ከአቅራቢዎች አፍ የማይጠፋ ቃል አለ፤ «በድሮው ዋጋ አያዋጣኝም»። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ሁሉ መጨነቁ አይገርምም። ሕጉ ግን አያዝንለትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ መወደድን፣ ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱንም ጭምር፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ከአቅም በላይ ከሆነ ኃይል አይቆጥራቸውም።

እንግዲህ ገዢው እውነት አለው። የሚያሳዝነው እውነት ይዞ መሸነፉ ነው።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ለጸበልተኛ ጀሪካን የሚሸጥ ነጋዴ እናስብ። በሰኔ 2016 ከመርካቶ አቅራቢ ጋር የአንድ ዓመት ውል ተፈራረመ እንበል፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን 300 ጀሪካን፣ ዋጋው የማይለወጥ፣ ክፍያው ሲረከብ። የጥቅምት ጭነት 120 ብቻ ሆኖ መጣ። የኅዳር ጭራሽ ቀረ። ኅዳር 3 ነጋዴው ስልክ አንስቶ «በቃ፣ ውላችን ፈርሷል» አለና ከሌላ በውድ ገዛ፤ ቀጥሎ የዋጋውን ልዩነት ሊያስከፍል ከሰሰ። የአቅራቢው ጠበቃ መልስ አጭር ነው፤ «ደንበኛዬ ማስጠንቀቂያ አልደረሰውም፤ ቢጠየቅ ያስረክብ ነበር፤ ውሉን ያፈረሰው ከሳሽ ነው»። ቁጥር 1772 ከአቅራቢው ጎን ይቆማል፦ አንዱ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ለማለት የሚችለው በመጀመሪያ ሌላውን እንዲፈጽም ሲያስጠነቅቀው ነው።

ያን ዕለት ያስፈልግ የነበረው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የትኛው ውል እንደሆነ፣ ከጥቅምት 180 ከኅዳር 300 በድምሩ 480 ጀሪካን እንደጎደለ ይገልጻል፤ ይህም በ15 ቀን ውስጥ፣ እስከ ኅዳር 18፣ መደብሩ ድረስ እንዲደርስ ይጠይቃል። ከዚያ የደብዳቤው ልብ ይመጣል፤ ከዚህ ቀን በኋላ የሚመጣውን እንደማይረከብ፣ ውሉንም እንደሚሰርዝ፣ የደረሰበትንም ኪሣራ እንደሚጠይቅ። ብዙ ደብዳቤ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። «በአስቸኳይ እንድታስረክቡን በአክብሮት እንጠይቃለን» ማለት ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፣ ቀነ ገደብ ግን የለውም። ገዢው ፍርድ ቤት ሳይሄድ በራሱ ውሉን እንዲሰርዝ ቁጥር 1787 የሚፈቅድለት በ1774 መሠረት የተቆረጠው ጊዜ ሲያልፍ ነው። ጊዜ ካልቆረጠና ውሉም ራሱ የመሰረዝ መብት ካልሰጠው፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ ጥፋቱ የውሉን ዋና ጉዳይ እንደሚነካ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ለምን 15 ቀን? ሕጉ «ተገቢ ጊዜ» ይላል እንጂ ቁጥር አይጠቅስም። ውሉ ራሱ 30 ቀን ካለ 30 ነው፤ ማሳጠር አይቻልም። ካላለ፣ መለኪያው የገዢው ንዴት ሳይሆን የቀረው ሥራ ነው። ዕቃው መጋዘን ካለ መኪና ጭኖ እንጦጦ ለመውጣት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ገና የሚመረት ከሆነ ግን ሁለት ቀን ሰጥቶ «እምቢ አለ» ማለት ወጥመድ ነው፣ ዳኛም እንዲያ ያየዋል። ሦስት ወር መስጠትም ደግነት አይመስለኝም፤ ነጋዴው ያን ያህል ጊዜ ባዶ መደርደሪያ ይዞ ይቀመጣል።

ስልክም ቢሆን በሕጉ ማስጠንቀቂያ ከመሆን አይከለከልም፤ ቁጥር 1773 በጽሑፍ ወይም ሐሳብን በሚገልጽ በማናቸውም ሌላ ድርጊት ይላል። ችግሩ ማስረጃው ነው። ደብዳቤውን ሰጥቶ ግልባጩ ላይ ቀን ጽፎ ማስፈረም፣ አልፈርምም ካለ በአደራ ደብዳቤ ልኮ ደረሰኙን መያዝ ይሻላል። ሌላም አለ፤ አቅራቢው ኅዳር 17 ማታ 480ውንም ቢያመጣ ውሉ ዳነ፣ ነጋዴው ይረከባል፤ የቀረው በመዘግየቱ የደረሰውን ኪሣራ መጠየቅ ነው። ኅዳር 20 ላይ 200 ብቻ ይዞ ቢመጣና ነጋዴው ዝም ብሎ ቢረከብ ግን ቀነ ገደቡን በገዛ እጁ አላላው ማለት ነው፤ መቀበል ከፈለገ መብቱን እንዳልተወ ጽፎ ይቀበል።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። አቅራቢው አላስረክብም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ አይጠበቅም። የካቲት 16 ለሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል ብቻ የታዘዘ ጀሪካንም እንደዚያው ነው፤ የካቲት 17 የሚመጣው ለገዢው ምን ይሠራለታል? ቁጥር 1775 ውሉ ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ እንዲፈጸም ፈቅዶ ያ ጊዜ ካለፈ ማስጠንቀቅ አያሻም ይላል። ይሁን እንጂ «እስከ የካቲት 14 ይቅረብ» ብቻ ከተጻፈ አቅራቢው እንደማንኛውም የርክክብ ቀን ነበር ብሎ ይከራከራል። ስለዚህ ነጋዴው በሚፈራረምበት ቀን «ከዚህ ቀን በኋላ የሚቀርብ አይፈለግም» የምትል መስመር ያስገባ።