«ዲኔን መማር እፈልጋለሁ» ላለ ሰው ሦስት በር ይበቃዋል



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ሰንጋ ተራ ከመግሪብ በኋላ መስጂድ ውስጥ ቆየት የሚል ሰው አንዲት አነጋገር ደጋግሞ ይሰማል፦ «ኡስታዝ፣ ዲኔን መማር እፈልጋለሁ።» ተናጋሪው ከባንክ ሥራ የወጣ ወጣት፣ የኮሜርስ ተማሪ፣ ወይም ከኮንዶሚኒየሙ የወረደ የሰፈር ልጅ ሊሆን ይችላል። አነጋገሩ ግን ያው ነው። ከዲኑ የቱን መማር እንደሚፈልግ አልተናገረም። ብዙ ጊዜ ለራሱም ገና አልጠራለትም።

ዛሬ የማነሳው ለዚህች ንግግር የምንሰጠውን መልስ ነው። ጉዳዩ የኡስታዞች ብቻ አይደለም። ጓደኛህ ኢማሙን ከመጠየቁ በፊት አንተን ይጠይቅሃል፤ የሥራ ባልደረባሽም ሻይ ላይ ሳለች አንቺን ትጠይቅሻለች። እናንተ በዚያች ደቂቃ የምትሉት ነገር ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ወይስ ይቀራል የሚለውን ሊወስን ይችላል።

የተለመዱት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዝርዝር ነው፦ «ማሻአላህ! በቃዒዳ ትጀምራለህ፣ ከዚያ ተጅዊድ፣ ሒፍዝም ጎን ለጎን ያዝ። ለፊቅህ ሰፊነህ፣ ከዚያ አቡ ሹጃዕ፣ ከዚያ ሚንሃጅ። ዐረብኛ ካልያዝክ አይሆንም፣ አጅሩሚያን ጀምር። አርበዒን፣ ሪያዱ ሷሊሒን፣ ሲራ፣ ዐቂዳም አለ።» የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ለሰሚው ግን እነዚህ ስሞች እርስ በርሳቸው አይለዩለትም። አጅሩሚያ የሰዋስው፣ ሰፊነህ የፊቅህ መሆናቸውን የሚያውቅ የቀራ ሰው ነው። ጀማሪው የሰማው አሥር የማያውቃቸው ስሞችን ነው። ከማይታወቁ ስሞች መካከል መምረጥ ስለማይቻል ወይ ሁሉንም እጀምራለሁ ብሎ በሁለት ሳምንት ይደክማል፣ ወይ «ኢንሻአላህ» ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛው መልስ ጥያቄውን ወደ ራሱ መመለስ ነው፦ «ምኑን ነው መማር የምትፈልገው?» ይህ ሰውየውን ማክበር ይመስላል። ነገር ግን እሱ የጎደለው የነገሩ ስም ራሱ ነው። ስሙን ቢያውቅ ኖሮ «መስቡቅ የሆነ ሰው ሶላቱን እንዴት ይሞላል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ስለማያውቀው ያፍራል፣ «ያው ሁሉንም» ይላል፣ ወሬውም እዚያው ይቆማል።

እኔ የምለው መካከለኛውን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ምሳሌ ስጠው፤ ምሳሌ መሆናቸውንም ንገረው፤ ከዚያ ዝም ብለህ ስማው። ሰው የሚፈልገውን ነገር ከራሱ አውጥቶ ለመሰየም ቢቸገርም፣ ሌላው ሲጠራለት ግን «እሱን ነው!» ለማለት አይቸገርም።

እንዴት እንደሚሆን በምሳሌ እንየው። እንበልና አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ «ኡስታዝ፣ ዲኔን ጠንክሬ መማር እፈልጋለሁ» አለ። መልሱ እንዲህ ይሁን፦

«አላህ ያግዝህ ወንድሜ። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያስባሉ። አንዳንዱ ቁርአንን ሙስሐፍ ከፍቶ ራሱ ማንበብ ይፈልጋል። አንዳንዱ ይሰግዳል ግን ሶላቱ ልክ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ የሚሰግድባቸውን አጫጭር ሱራዎች ትርጉም ማወቅ ይፈልጋል። ከነዚህ ወደ አንተ የሚቀርብ አለ? ሌላ በልብህ ያለ ከሆነም ንገረኝ።»

ልጁ ትንሽ ያስብና፦ «ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም። ዙህር ላይ ከሥራ ስመጣ ሁልጊዜ እዘገያለሁ። ስንት ረከዓ እንደቀረኝ ይምታታብኛል፣ አጠገቤ ያለውን ሰው እያየሁ ነው የምሞላው።»

እንግዲህ «ዲኔን መማር» የተባለው ትልቅ ነገር ውስጥ የነበረው ይህ ነው። መልሱ እዚያው ይጀመራል። በሻፊዒይ መዝሀብ ኢማሙን ሩኩዕ ላይ ደርሶበት፣ ኢማሙ ቀና ከማለቱ በፊት አብሮት ተረጋግቶ ካጎነበሰ፣ ያቺ ረከዓ ትቆጠርለታለች። ኢማሙ ቀና ካለ በኋላ ከገባ አብሮ ይሰግዳል እንጂ አትቆጠርለትም። ስለዚህ በዙህር ሦስተኛው ረከዓ ሩኩዕ ላይ የደረሰ ሰው ሁለት ረከዓ አግኝቷል፤ ኢማሙ ሲያሰላምት ተነስቶ ሁለት ይሞላል። ልጁ በነጋታው ዙህር ላይ የጎረቤቱን እግር ሳያይ ይሰግዳል። ያኔ «ይህንን የሚያስተምር ትንሽ ኪታብ አለ፣ ሰፊነህ ይባላል» ማለት ይቻላል። አሁን የኪታቡ ስም ለምን እንደሚጠቅመው ያውቃል። በሳምንቱ ከስድስቱ የዉዱእ ፈርዶች ጀምሮ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሶላትን ሩክኖች ይይዛል።

ሦስቱን ምሳሌዎች ስትመርጥ ሁለት ነገር ጠብቅ። የመጀመሪያው፣ እርስ በርሳቸው የተራራቁ ይሁኑ። ሰፊነህ፣ አቡ ሹጃዕ እና ሚንሃጅ ብትለው ሦስት ነገር የሰጠኸው ይመስልሃል፤ ለእሱ ግን አንድ በር ነው፣ የሻፊዒይ ፊቅህ። ከላይ ያየናቸው ማንበብ፣ መስገድና ትርጉም ናቸው፤ የልጁ ፍላጎት ከሦስቱ አንዱ ባይሆን እንኳ በየትኛው በኩል እንዳለ ለመናገር ይረዱታል። ሁለተኛው፣ ምሳሌው በእሱ ኑሮ ቋንቋ ይነገር። «ተጅዊድ» ከማለት «ስትቀራ ፊደሉን ከቦታው ማውጣት» ማለት ይሻላል። ስሙ ከበሩ በኋላ ይመጣል።

ቁጥሩስ ለምን ሦስት? ሁለት ብቻ ከሆነ «ወይ ይሄ ወይ ያ» ዓይነት ፈተና ይመስላል። ከአራት ካለፈ ደግሞ አምስተኛውን ስትጠራ የመጀመሪያውን ረስቶታል። እየሰማ ነው እንጂ እያነበበ አይደለምና።

ምሳሌዎቹ እንዳልሰሩ የሚታወቅበት ምልክትም አለ። «ሁሉም ጥሩ ነው» ካለ አልነኩትም ማለት ነው። «ኡስታዝ ያሉኝን» ካለ ደግሞ ምሳሌውን እንደ ትእዛዝ ወስዶታል፤ የእኛ አገር ልጅ አክባሪ ነውና ይህ በብዛት ይገጥማል። በዚህ ጊዜ አራተኛና አምስተኛ ምሳሌ አትጨምር። ወደ ኑሮው ተመለስና «በዚህ ሰሞን ይህን እንድታስብ ያደረገህ ምን ገጠመህ?» በለው። አንዱ የአያቱ ጀናዛ ላይ ምን እንደሚባል ሳያውቅ ቆሞ ይሆናል። ሌላዋ ልጇ «እማዬ፣ ይህ ሱራ ምን ማለት ነው?» ብሏት ይሆናል። ከመረጠም በኋላ «ለምን እሱን?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ምክንያት ካለው የራሱ ምርጫ ነው፤ ከሌለው መጨረሻ ላይ የሰማውን ደግሞልሃል።

ነገር ግን ምርጫ የማይቀርብበት ቦታ አለ። ትናንት ሸሃዳ ለያዘ ሰው፣ ወይም ፋቲሓን ለማያውቅ ሰው፣ «ሲራ ይሻልሃል ወይስ ሶላት?» አይባልም። ዉዱእና ሶላት ፈርዱል ዐይን ናቸው፤ እነሱን ከሌሎች ጋር እኩል አድርጎ መደርደር ማሳሳት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩት በቅድሚያ ወደ ሸሃዳ እንዲጠራ፣ ያንን ከተቀበሉ አምስቱን ሶላት፣ ያንን ከተቀበሉ ዘካን እንዲነግራቸው አዘዙት። ደረጃ በደረጃ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንድ በር ነው የሚከፈትለት። ምሳሌ ማቅረብ የሚገባው ግዴታውን ይዞ ወዴት እንደሚቀጥል ላልጠራለት ሰው ነው።

«ዲኑን አታሳንሱት፣ እውቀትን ከሰው መደበቅ ነው» የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። ስጋታቸው ይገባኛል። ሙሉውን መንገድ ያላየ ሰው ሦስት ነገር ይዞ «ጨረስኩ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ) ታሪክ እንይ። አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ የቱ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ ሶላትን በወቅቱ መስገድ ተባሉ። «ከዚያስ?» ሲሉ ለወላጆች በጎ መዋል፣ «ከዚያስ?» ሲሉ በአላህ መንገድ መታገል ተባሉ። ኢብኑ መስዑድ እዚህ ላይ አቆሙ፤ ብጨምር ኖሮ ይጨምሩልኝ ነበር ሲሉም ተናግረዋል። መልሱ ጠያቂው በሚሄድበት መጠን መጣ፤ የተደበቀም አልነበረም። ቲርሚዚ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው የእስልምና ሥርዓቶች በዝተውብኛልና አጥብቄ የምይዘው አንድ ነገር ንገሩኝ ሲል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምላሱ ከዚክር እንዳይደርቅ ነገሩት። በዝቶብኛል ላለ ሰው ዝርዝር አልጨመሩበትም።

ስለዚህ ሙሉው ዝርዝር ከአንተ ጋር ይቆይ። አንዱን ሲይዝና «ከዚያስ?» ሲልህ የሚቀጥለውን አውጣለት። «ከዚያስ?» ያለ ተማሪ የሚቀበልበት ቦታ አዘጋጅቷል።

ለጠያቂዎችም አንድ ቃል ልጨምር። «ዲኔን መማር እፈልጋለሁ» ማለት አያሳፍርም። በዝርዝር ከተጥለቀለቅክ ግን «ኡስታዝ፣ ከነዚህ ለእኔ የሚቀርቡትን ሁለት ሦስቱን ብቻ ንገረኝ» ማለት መብትህ ነው። ሰሞኑን ያስቸገረህ ነገር ካለ ደግሞ ትንሽ ነው ብለህ አትተወው፣ ከሱ ጀምር። ስንት ረከዓ እንደቀረህ አለማወቅም የእውቀት በር ነው።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።